30፣ 27፣ 30፣ 29፣ 30፦ በወቅቱ የተከፈለ ብድር «ዘገየ» ተብሎ ሲመዘገብ

(ሐዋሳ ውስጥ ለነጋዴዎችና ለደመወዝተኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ሪፖርት ነው። ለባጃጅ መግዣ፣ ለሱቅ ማስፋፊያ ወይም ለቤት ማደሻ ብድር ፈልጋችሁ ባንክ ስትገቡ፣ የብድር ባለሙያው ጥቂት ካነጋገራችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ይከፍተዋል። አንብቦ ይዘጋዋል። እናንተ ከጠረጴዛው ወዲህ ስለተቀመጣችሁ ምን እንዳነበበ አታዩም፤ የሚደርሳችሁ «ታሪክዎ ትንሽ ችግር አለበት» የሚል ቃል ብቻ ነው።

የብድር ታሪክ ሪፖርት ይባላል። መረጃው የሚጠራቀመው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው የብድር መረጃ ማዕከል ነው። ለዛሬው ጉዳያችን መነሻ የሚሆነን ግን ሌላ ነገር ነው፦ ማዕከሉ እናንተ ስትከፍሉ አላየም። አበዳሪው የላከለትን ይመዘግባል፤ ሌላ አበዳሪ ሲጠይቀው ያንኑ ያሳያል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ስህተት ካለ፣ የተሳሳተው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አዲስ አበባ ሳይሆን ብድሩን በሰጣችሁ ባንክ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ነው። መድኃኒቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

መጀመሪያ ሪፖርቱን ማየት አለባችሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘ መረጃ ምን እንደሆነ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ሰጥቶታል። ባለሙያውን «ችግሩ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ብዙም አትራመዱም፤ ጥያቄው ሰፊ ነው። «የትኛው አበዳሪ፣ የትኛው ብድር፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ቀን፣ ስንት ብር?» በሉት። አምስቱ መልሶች በእጃችሁ ከገቡ የቀረው ሥራ ወረቀት ማመሳከር ነው።

ሪፖርቱ ሲከፈት በቅድሚያ የሚታየው ማንነት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። እኛ አገር ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ ሦስቱም ስም አንድ የሆነባቸው ሰዎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍም አንዱ ቅርንጫፍ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል። ስለዚህ ስማችሁን አይታችሁ አትለፉ። አሥሩን አሃዝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ቲኑን፣ ከካርዳችሁ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። የማታውቁት ብድር በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ጉዳያችሁ የዘገየ ክፍያ ሳይሆን የተደባለቀ መዝገብ ነው፤ መንገዱም ሌላ ነው።

ማንነቱ ልክ ከሆነ ወደ ብድሮቹ እንለፍ። ለእያንዳንዱ ብድር የሚፈለገው ውዝፉ ስንት ቀን እንደሆነው፣ የውዝፉ መጠንና የብድሩ ደረጃ ነው። ደረጃው ከቀኑ የሚወጣ ነው። ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ባወጣው የብድር ምደባ መመሪያ፣ በየጊዜው የሚከፈል ብድር ውዝፉ ከ30 ቀን በታች ከሆነ መደበኛ ነው። ከ30 ቀን ጀምሮ እስከ 90 ሳይደርስ ልዩ ትኩረት የሚሻ ይባላል። ከ90 እስከ 180 ሳይሞላ ከደረጃ በታች፣ ከ180 እስከ 360 ሳይሞላ አጠራጣሪ፣ ከዚያ በላይ የማይመለስ ተብሎ ይመደባል። የዛሬው ነገራችን የመጀመሪያው ደፍ ላይ ነው፤ በ29 እና በ30 መካከል። አንዲት ቀን ናት፤ በአበዳሪ ዓይን ግን «መደበኛ» የሚለውን ቃል የምታስቀር ቀን ናት።

አሁን አንድ ጉዳይ እንያዝ። ምሳሌ ነው፤ አሠራሩ ግን እውነተኛ ነው። አንድ ሰው ለባጃጅ 300,000 ብር ተበደረ፤ ወለዱ በዓመት 18 ከመቶ፣ መክፈያው 24 ወር። የወር ክፍያው 14,977.23 ብር ይመጣል። የመክፈያ ቀኑ በፈረንጅ ወር 1ኛው ቀን ነው፤ ሰውየውም በቀኑ ይከፍላል። ከወራት በኋላ ለሁለተኛ ባጃጅ ሌላ ባንክ ሄደ፤ እንቢ ተባለ። ሪፖርቱን ሲያይ በ2025 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት መጨረሻ ላይ የተመዘገበው የውዝፍ ቀን እንዲህ ነበር፦

ጃንዋሪ 30፣ ፌብሩዋሪ 27፣ ማርች 30፣ ኤፕሪል 29፣ ሜይ 30።

የብድር ባለሙያው ይህን ሲያይ የሚያነበው «ይህ ሰው ዘወትር ይዘገያል፤ ወር አልፎ ወር ልዩ ትኩረት ውስጥ ይገባል» ብሎ ነው። አልፈርድበትም፤ ቁጥሩ እንደዚያ ይመስላል። ግን ረጋ ብላችሁ እዩት። 30 የተጻፈባቸው ወሮች እነማን ናቸው? ጃንዋሪ፣ ማርች፣ ሜይ፤ 31 ቀን ያላቸው። 29 የተጻፈበት ኤፕሪል 30 ቀን አለው። 27 የተጻፈበት ፌብሩዋሪ በዚያ ዓመት 28 ቀን ነበረው። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከወሩ ርዝመት በአንድ ያንሳል። የሰው ስንፍና እንዲህ አይሰለፍም። ይህ የሒሳብ ማሽን እጅ ጽሑፍ ነው።

የሆነው ይኼ ነው። የጃንዋሪ 1 ክፍያ በሲስተሙ አልታየም። ስለዚህ በጃንዋሪ 31 ሲቆጠር 30 ቀን ሞላው። በፌብሩዋሪ 1 ሰውየው እንደ ልማዱ 14,977.23 ብር ከፈለ። ሲስተሙ ግን ገንዘብ ሲገባ ሁልጊዜ የሚያወራርደው የቆየውን ዕዳ ነው፤ «የጃንዋሪውን ከፈለ» አለና የፌብሩዋሪውን ክፍት ተወው። በፌብሩዋሪ 28 የፌብሩዋሪው ክፍያ 27 ቀን ሆነው። በማርች 1 የገባው ደግሞ የፌብሩዋሪውን ዘጋ፤ የማርቹ ተራውን ክፍት ቀረ። እንዲህ እያለ አንድ የጠፋ ክፍያ እንደ ተበሳ ባልዲ ከወር ወደ ወር ይንከባለላል። ሰውየው አምስት ጊዜ ዘገየ ተባለ እንጂ የጠፋው አንድ ክፍያ ብቻ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የውዝፉን መጠን ተመልከቱ። በየወሩ አንድ ሙሉ ክፍያ፣ ማለትም 14,977.23 ብርና በላዩ የተደመረ ጥቂት ቅጣት ከሆነ፣ አንድ ክፍያ ሳይደርስ ቀርቷል ማለት ነው። የቅጣት ወለዱ በዓመት 3 ከመቶ ቢሆን ለ30 ቀን ወደ 37 ብር ግድም ነው።

ግን ቁጥሩ ልክ እንደዚሁ ሆኖ የውዝፉ መጠን 23 ሳንቲም ሊሆን ይችላል። አትሳቁ። 14,977.23 መክፈል የነበረበት ሰው 14,977 ብቻ ከከፈለ 23 ሳንቲሟ ትቀራለች፤ በሚቀጥለው ወር ቀድማ ትወሰዳለች፤ የዚያ ወር ክፍያ ደግሞ ይጎድላል። ሲስተሙ ጥቂት ሳንቲም እንዲያልፍ ካልታዘዘ በቀር፣ ቀን ሲቆጥር የመጠኑን ማነስ አያይም። ይህኛው አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም በጥብቅ ከተያዘ መዝገቡ ሐሰት አይደለም። ቀሪውን ሳንቲም ከፍሎ «በክፍያ ጉድለት ሳይሆን በማጠጋጋት የመጣ ነው፤ ይታረምልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ባንኩ ግን አይሆንም ሊል ይችላል። ከሁሉም የሚሻለው ክፍያውን ወደ ላይ ማጠጋጋት ነው። 14,980 ክፈሉ።

ሌላው የእኛው አገር ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። የባንኩ ሲስተም በፈረንጅ ይቆጥራል፤ እኛ በራሳችን። ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም ነበር። አንድ ሰው «የኔ መክፈያ በየወሩ 23 ነው» ብሎ ከያዘ፣ ፌብሩዋሪ 1 ጥር 24 ስለሆነ አንድ ቀን ቀድሞ ይከፍላል፤ ደግ። ማርች 1 ግን የካቲት 22 ነው። የካቲት 23 ሲከፍል አንድ ቀን ዘግይቷል። የአንድ ቀን ቅጣት ጥቂት ብር ናት፤ ግን ካልተከፈለች እንደ 23 ሳንቲሟ መንከባለል ትጀምራለች። የክፍያ ሰንጠረዡን ከባንኩ ተቀብላችሁ በየቀኑ አጠገብ የእኛን ቀን ጻፉበት፤ አንድ ጊዜ ከሠራችሁት ለብድሩ ዘመን ሁሉ ይበቃል።

ወደ ሰውያችን እንመለስ። የጃንዋሪው ክፍያ የት ገባ? ለዚህ ሁለት ወረቀት ከባንኩ ያስፈልገዋል፦ የቁጠባ ሒሳቡ መግለጫና የብድር ሒሳቡ መግለጫ፣ ሁለቱም ከዲሴምበር እስከ ሜይ። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ይወስዳል። አንዱ ገንዘቡ መውጣቱን ያሳያል፤ ሌላው አለመድረሱን። ነገሩ የሚገለጠው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። በቁጠባው ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 14,977.23 ብር ወጪ አለ። በብድሩ ላይ ግን በዚያ ቀን ምንም ገቢ የለም። ገንዘቡ ከቤት ወጥቷል፤ ከደረሰበት አልደረሰም።

ሦስተኛው ማስረጃ ደረሰኙ ነው። በብዙ ባንኮች የገንዘብ ዝውውር የግብይት ቁጥር በFT ይጀምራል፤ ከዚያ የሚከተሉት አምስት አሃዞች ቀን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይነግራሉ። FT25001 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የ2025 የመጀመሪያው ቀን፣ ጃንዋሪ 1 ነው። FT25032 ደግሞ 32ኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 1 ነው። ደረሰኙ ላይ ማህተሙ ደብዝዞ ቀኑ ባይነበብ እንኳ ቁጥሩ ይናገራል። ባለሙያው ፊት ይህን ቁጥር ስታስቀምጡ ክርክሩ ከ«ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» ወጥቶ «ይህ ግብይት የት አረፈ?» ወደሚለው ይሸጋገራል። እሱን ደግሞ ሲስተሙ ላይ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቦታ በአንዱ ይገኛል። ወይ የብድር ቁጥሩ ሲገባ ሁለት አሃዞች ተዛውረው ሌላ ተበዳሪ ሒሳብ ላይ ወድቋል፤ ወይም ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ በሚቀመጥበት ማቆያ ሒሳብ ውስጥ ተኝቷል። የሌላ ሰው ሒሳብ ላይ ከሆነ የማን እንደሆነ አይነግሯችሁም፤ መንገርም የለባቸውም። የናንተ ጥያቄ ገንዘቡ ወደ ቦታው ይመለስ ነው። ደረሰኙ ላይ የብድር ቁጥሩን የጻፋችሁት እናንተው ራሳችሁ ተሳስታችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከመጋጨታችሁ በፊት ቅጂያችሁን ተመልከቱ።

አሁን ደብዳቤው። በቃል አትጨርሱት። ሥራ አስኪያጁ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገ ግን ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል፤ የተነገረው ቃልም አብሮት ይሄዳል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ እንዲህ ያለ ነው፦

«ጉዳዩ፦ በስህተት የተመዘገበ የክፍያ መዘግየት እንዲታረም ስለመጠየቅ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም (ጃንዋሪ 1 ቀን 2025) መከፈል የነበረበትን ብር 14,977.23 በዚያው ዕለት በቅርንጫፋችሁ ከቁጠባ ሒሳቤ ወደ ብድር ሒሳቤ አዛውሬያለሁ። የግብይት ቁጥሩና ደረሰኙ ተያይዟል። ክፍያው ግን በብድር ሒሳብ መግለጫዬ ላይ አይታይም። በዚህ ምክንያት በጃንዋሪ፣ በማርችና በሜይ 2025 መጨረሻ የ30 ቀን ውዝፍ ተመዝግቦብኛል። ስለሆነም ክፍያው በተከፈለበት በጃንዋሪ 1 ቀን ታስቦ እንዲመዘገብልኝ፣ የተቆረጠብኝ ቅጣት እንዲመለስልኝ፣ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ የአምስቱም ወራት መረጃ ታርሞ እንደገና ለብድር መረጃ ማዕከል እንዲላክልኝ፣ ይህ መፈጸሙም በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

ከላይ የብድር ቁጥርና ቲን፣ ከታች ስም፣ ስልክና ፊርማ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ታስገባላችሁ፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጋችሁ ትመለሳላችሁ። ያ ማህተም የሌለበት ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ቁጠሩት። ዋናውን ደረሰኝ ለማንም አትስጡ፤ የምታያይዙት ቅጂውን ነው።

በደብዳቤው ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁለቱ ላይ ቆም ልበል፤ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። አንደኛው «በተከፈለበት ቀን ታስቦ» የሚለው ነው። ባንኩ የጠፋውን ገንዘብ ሰኔ ላይ አገኘው እንበል። ሠራተኛው በቀላሉ በዛሬው ቀን ወደ ብድሩ ቢያስገባው ውዝፉ ይዘጋል፤ ቀሪ ሒሳቡ ይስተካከላል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ያለፉት አምስት ወራት ግን እንደ ነበሩ ይቀራሉ፤ ሲስተሙ ዘንድ የጃንዋሪው ገንዘብ የገባው ሰኔ ላይ ነውና። ግብይቱ የሚታሰብበት ቀን፣ ባንኮቹ ቫሊዩ ዴት የሚሉት፣ ወደ ጃንዋሪ 1 መመለስ አለበት። ይህን ለመሥራት ቅርንጫፉ አብዛኛውን ጊዜ የበላይ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቢዘገይ አይግረማችሁ፤ ግን «ጨርሰናል» ሲሏችሁ በየትኛው ቀን እንደተመዘገበ አዲስ መግለጫ አስወጥታችሁ እዩ።

ሁለተኛው ቅጣቱ ነው። አንዳንድ ሥራ አስኪያጅ በደግነት «ቅጣቱን እናነሳልዎታለን» ይላል። ማንሳትና መሰረዝ ይለያያሉ። ቅጣት ሲነሳ «ዘግይቷል፤ ምሕረት አድርገንለታል» ማለት ነው፤ መዘግየቱ ይጸናል። እናንተ የምትፈልጉት መጀመሪያውኑ መቆረጥ ያልነበረበት ስለሆነ እንዲሰረዝ ነው። «ምሕረት ጠይቄ ተፈቀደልኝ» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

እንዲሁም «ከዕዳ ነፃ» ወይም «ተበዳሪው መልካም ደንበኛችን ነው» የሚል ደብዳቤ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ተቀበሉት፤ ለአንድ ማመልከቻ ይረዳል። ግን እርማት አይደለም። ቀጣዩ ባንክ ሪፖርቱን ሲከፍት ያው 30፣ 27፣ 30 ይጠብቀዋል፤ ደብዳቤው ደግሞ እናንተ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው።

ባንኩ ዝም ካለ ወይም እንቢ ካለስ? ብሔራዊ ባንክ በፈረንጅ 2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ኤፍሲፒ/01/2020 ባንኮች የደንበኛ ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ብሔራዊ ባንክ ነው መንገዱ። ደረጃ ዘላችሁ ብትሄዱ «ለባንክህ አመልክተሃል?» ትባላላችሁ፤ ማህተም ያረፈበት ቅጂ መልስ የሚሆነው ያኔ ነው። ወደ ላይ ስትጽፉ አዲስ ታሪክ አትጨምሩ፤ ያችኑ አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ሁለቱን መግለጫዎችና ደረሰኙን አያይዙ።

ከተሰብሳቢው አንዲት እናት ጥሩ ጥያቄ ጠይቀዋል፦ «ልጄ፣ እስኪታረም ድረስ ክፍያውን ላቁም? የከፈልኩትን እንደከፈልኩ ካልተቀበሉኝ ለምን እከፍላለሁ?» ንዴትዎ ይገባኛል፤ ግን አያቁሙ፣ እናቴ። አሁን ያለው ሐሰተኛ 30 ነው፤ ካቆሙ እውነተኛ 60 ይሆናል፤ እውነተኛውን ደግሞ ማንም አያርመውም። እንዲያውም አቅም ካለ አንድ ተጨማሪ ክፍያ ማስገባት መንከባለሉን በዚያው ቀን ይገታል። ይህን ካደረጉ ግን በማስገቢያው ላይ «የጃንዋሪ ክፍያ እስኪገኝ በመጠባበቂያነት የተከፈለ» ብለው ይጻፉ፤ በደብዳቤም ያሳውቁ። አለዚያ የጃንዋሪውን አሁን እንደከፈሉ ተቆጥሮ «አመኑ» ሊባል ይችላል። የጠፋው ገንዘብ ሲገኝ ትርፉ ከዋናው ብድር ይቀነሳል ወይም ይመለስልዎታል። አዲስ ብድር በቅርቡ የማይጠይቁ ከሆነ ግን ይህን ገንዘብ ማሰር አያስፈልግም፤ መደበኛውን ብቻ ይክፈሉ።

ሌላ ሰው ደግሞ «እንቢ ያለኝ ሁለተኛው ባንክ ራሱ ሊያርምልኝ አይችልም?» ብለዋል። አይችልም፤ እሱ አንባቢ ነው። ጽሑፉን የሚቀይረው የጻፈው ባንክ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ባንክ መጠየቅ የምትችሉት ማመልከቻችሁን ሳይዘጋ እንዲያቆይላችሁ፣ እርማቱ ሲደርስም ሪፖርቱን እንደገና እንዲያወጣ ነው።

እርማቱ ተልኳል ከተባለ በኋላ ባንኩ ቀጣዩን ወርሃዊ መረጃ እስኪልክ ጠብቃችሁ ሪፖርቱን እንደገና እዩ። የመጨረሻውን ወር ብቻ አትመልከቱ፤ እሱ በማንኛውም መንገድ ዜሮ ይሆናል። ጣታችሁን ጃንዋሪ ላይ አድርጋችሁ ወደ ሜይ ሂዱ። አምስቱም ዜሮ ከሆኑ ጉዳዩ አልቋል። ጁን ዜሮ ሆኖ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ያሉት ቁጥሮች እንዳሉ ከሆኑ፣ ባንኩ የላከው የዛሬውን ሁኔታ ነው፤ ያለፈውን አልላከም። ያን ጊዜ ያንኑ ደብዳቤ ይዛችሁ «የአምስቱም ወራት መረጃ» የሚለውን መስመር አስምራችሁበት ወደ መዝገብ ቤት ትመለሳላችሁ።